«ሰክሮ ነበር» ብሎ መፈረም፦ ችሎት ፊት ሊቀርብ ስለሚችል የሥራ ቦታ ሪፖርት

ጥያቄ፦ «የማታ ፈረቃ ኃላፊ ነኝ። አንድ የፎርክሊፍት ሹፌር ሥራ ላይ ሰክሮ ስላገኘሁት ያንኑ ሌሊት እንዲህ ብዬ ሪፖርት አደረግኩ፦ ‹ሠራተኛው በከፍተኛ ሁኔታ ሰክሮ ሥራ ላይ ተገኝቷል። ሲነገረው ተሳድቧል። ጥበቃዎችም በር ላይ ሲገባ ሲንገዳገድ አይተውታል። ይህ ልማዱ ስለሆነ አስፈላጊው እርምጃ ይወሰድ።› ሠራተኛው ተሰናበተ፤ አሁን ከሷል። የድርጅቱ ጠበቃ ሪፖርቱን አይቶ ‹ይሄ ከሚጠቅመን የሚጎዳን ይበልጣል› አለኝ። የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው። ችግሩ ምኑ ላይ ነው? እንደገና ልጻፈው?»

ምላሽ፦

ጊዜ የማይሰጠው የመጨረሻው ጥያቄዎ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። እንደገና አይጻፉት። ያ ወረቀት እንዳለ ይቆይ፤ አንዲት ፊደል እንኳ አይነካ።

ሪፖርቱ ከእጅዎ ከወጣ ቆይቷል። አንድ ቅጂ በሠራተኛው የግል ማኅደር ውስጥ አለ፤ ሌላው በኢሜይል ተልኮ ይሆናል፤ ከስንብት ደብዳቤው ጋር ተያይዞ ሹፌሩ እጅ ገብቶም ሊሆን ይችላል። በኮምፒውተር ጽፈውት ከሆነ ፋይሉ መቼ እንደተፈጠረና ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተነካ ራሱ መዝግቦ ይዟል። በዚያው በድሮው ቀን የተሻለ ሪፖርት አዘጋጅተው ሁለቱ ቅጂዎች ችሎት ፊት ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ ከዚያ ወዲያ የሹፌሩ መስከር አለመስከር ይረሳና ክርክሩ ስለ እርስዎ ይሆናል። ደካማ ሪፖርት የጻፈ ምስክር ቀርቦ በቃሉ ሊያብራራ ይችላል። ሰነድ የለወጠ ምስክር ግን የሚናገረውን ማንም አይሰማውም፤ በብዙ አገር ደግሞ ድርጊቱ ራሱ ያስከስሳል።

የሚፈቀደው ተጨማሪ ማብራሪያ መጻፍ ነው። በዛሬ ቀን ይጻፋል፤ «በዚህ ቀን ባቀረብኩት ሪፖርት ውስጥ ያልገቡ ዝርዝሮች» ብሎ ይጀምራል፤ የትኛውን ከማስታወሻ ደብተርዎ እንደወሰዱ፣ የትኛውን ከትዝታ ብቻ እንደጻፉ ይለያል። ክስ ከተነሳ በኋላ የተጻፈ መሆኑ ክብደቱን ይቀንሰዋል፤ ይህ የማይቀር ነውና ቀኑን ለመሸፋፈን አይሞክሩ። አንድ ነገር ግን አስቀድመው ያድርጉ፦ ብዕር ከማንሳትዎ በፊት ጠበቃውን ያነጋግሩ። ለክርክር ተብሎ የሚዘጋጅ ሰነድ ለተቃራኒው ወገን መሰጠት አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ከአገር አገር ይለያያል።

አሁን ወደ ዋናው። የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው ይላሉ፤ እኔም አልጠራጠርዎትም። ጉዳዩን የሚያየው ሰው ግን እርስዎን አያውቅዎትም፤ መጋዘኑን አላየም፤ ሹፌሩንም የሚያየው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ረጋ ብሎ ከፊቱ ተቀምጦ ነው። በእጁ ያለው የእርስዎ አራት ዓረፍተ ነገር ነው። የሠራተኛው ጠበቃ ደግሞ እያንዳንዷን ዓረፍተ ነገር አንስቶ አንድ ዓይነት ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፦ «ይህን በምን አወቁ?» መልሱ ከራሱ ከወረቀቱ ላይ ካልተገኘ ዓረፍተ ነገሩ ክስ እንጂ ማስረጃ አይሆንም። የዓለም የሥራ ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1982 ያወጣው ቁጥር 158 ስምምነት ስንብቱ በቂ ምክንያት እንደሌለው የማስረዳት ሸክም በሠራተኛው ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ይደነግጋል። ስለዚህ «ጥፋተኛ ካልሆነ ራሱ ያስረዳ» ብሎ መቀመጥ አይቻልም፤ ድርጅቱ የሚያሳየው ነገር ሊኖረው ይገባል። በእርስዎ ጉዳይ ድርጅቱ የሚያሳየው ያችን ሪፖርት ነው።

«በከፍተኛ ሁኔታ ሰክሮ» የሚለውን እንይ። ስካር በዓይን አይታይም። የሚታየው የቀላ ዓይን፣ የሚንገዳገድ እግር፣ የሚጎተት ንግግር ነው፤ የሚሸተው ሽታ ነው። ስካር እነዚህን ይዘው እርስዎ የደረሱበት ድምዳሜ ነው። ሪፖርትዎ ድምዳሜውን ይዞ መንገዱን ጥሎታል። ይህ ለምን እንደሚጎዳ የሚገባዎት ተቃራኒው ወገን ሐኪም ይዞ ሲቀርብ ነው። በስኳር ሕመምተኛ ላይ የደም ስኳር መጠን በጣም ሲወርድ ሰውየው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይተሳሰራል፣ ግራ ይጋባል፣ ይንገዳገዳል፤ አንዳንዱ ያለ ባሕርይው ይቆጣል፣ ይሳደባል። ስኳሩ በጣም ጨምሮ ሰውነቱ ስብ ማቃጠል ሲጀምር ደግሞ ትንፋሹ ለየት ያለ፣ የፍራፍሬ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ ያመጣል፤ ይህን ብዙ ሰው ከመጠጥ ሽታ ጋር ያምታታዋል። የጭንቅላት ጉዳትና እንቅልፍ የሚያመጡ መድኃኒቶችም ሰውን የጠጣ ያስመስላሉ። ሹፌሩ ከእነዚህ አንዱ ነበረበት እያልኩ አይደለም። የእርስዎ ሪፖርት እነዚህን አያስቀርም ነው የምለው፤ ምክንያቱም ምን እንዳዩ አይናገርም።

ግምት መጻፍ ክልክል ነው ማለት አይደለም። ብዙ ችሎቶች ሐኪም ያልሆነ ምስክርም «የጠጣ መስሎኛል» ሲል ይሰሙታል፤ ማንም ሰው የጠጣ ሰው አይቶ ያውቃልና። ቅደም ተከተሉ ነው ወሳኙ፦ መጀመሪያ ያዩት፣ ከዚያ ግምቱ፣ ግምትነቱም በግልጽ ተነግሮ። «ሰክሮ ነበር» ሲሉ አንባቢው ወይ ሙሉ በሙሉ ያምንዎታል ወይ ሙሉ በሙሉ ይጥልዎታል። ያዩትን ዘርዝረው «ከዚህ በመነሳት ጠጥቷል ብዬ ገመትኩ» ካሉ ግን ግምትዎ እንኳ ቢወድቅ ያዩት ነገር ቆሞ ይቀራል፤ ንግግሩ የተጎተተበትን ሰው ከማሽን ማስወረድዎም ትክክል እንደነበር ያሳያል።

«በከፍተኛ ሁኔታ» ደግሞ ለብቻው ሌላ ጉድጓድ ነው። ፈረቃው ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እርስዎ ያገኙት 4፡20 ላይ ነው እንበል። ያን ያህል ሰክሮ ከነበረ ለአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ብዙ ኩንታል የሚያነሳ ማሽን ሲነዳ የት ነበራችሁ? ማንም አላየውም? አይቶ ዝም አለ? ወይስ ያን ያህል አልሰከረም ነበር? ማጉያ ቃል የተጻፈው ክሱን ለማጠንከር ነበር፤ ችሎት ሲደርስ ግን በድርጅቱ ላይ ዞሮ ይተኮሳል።

ከሁሉም በላይ ጠበቃውን ያስደነገጠው ግን ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ሳይሆን አይቀርም፤ የጥበቃዎቹ ነገር። እርስዎ የጻፉት ምስክር ለማብዛት ነው። ግን ሁለት ነገር አበላሽቷል።

አንደኛ፣ እርስዎ በሩ ላይ አልነበሩም። ያንን መስመር በፊርማዎ ስላረጋገጡት በማያውቁት ነገር ምስክር ሆነዋል፤ በመስቀለኛ ጥያቄ «በዓይንዎ አይተዋል?» ሲባሉ «የለም፣ ነግረውኝ ነው» ይላሉ። ቀጥሎ የሚመጣው «ታዲያ በዚህ ሪፖርት ውስጥ ሌላስ የተነገርዎት ነገር የቱ ነው?» የሚለው ነው። አንድ የስሚ ስሚ መስመር በዓይንዎ ያዩትንም ያጠለሸዋል። ጥበቃው ያየውን ይጻፍ፤ በራሱ እጅ፣ በራሱ ቃል፣ በራሱ ፊርማ። እርስዎ መጻፍ የሚችሉት «ከምሽቱ 4፡40 ላይ በበሩ ላይ ተረኛ የነበረው ጥበቃ ሠራተኛው ሲገባ እንዳየው ነገረኝ፤ ያየውን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ጠየቅኩት» ብቻ ነው። ያ እውቀትዎ ነው፤ ነግሮዎታልና።

ቃል ሲሰበሰብ ደግሞ አይርዷቸው። ሰዎች ቅን ሆነው «እንዲህ ብለህ ጻፍ» ይላሉ፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይገለብጣል። በየችሎቱ ስቀመጥ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ነው፦ ሦስት ሰዎች፣ ሦስት ወረቀት፣ ግን «ያልተገባ ባሕርይ በማሳየት የሥራ ሰላምን አውኳል» የሚለው ሐረግ በሦስቱም ላይ ቃል በቃል አለ። ጫኝና አውራጁም፣ ጥበቃውም፣ ጸሐፊዋም እንዲህ አይናገሩም። ዳኛው አንገቱን ቀና አድርጎ «ይህን ማን ነው የጻፈላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ሦስት ምስክር የነበረው ዜሮ ይሆናል። ቃላቸው ቢለያይ፣ አንዱ ያየውን ሌላው ባያይ፣ አንዱ «ሰማያዊ ጃኬት» ሲል ሌላው «ጥቁር» ቢል አይጨነቁ። እውነተኛ ሰዎች እንዲያ ነው የሚያዩት።

ሁለተኛውና ከባዱ፦ ጥበቃዎቹ ሲንገዳገድ አይተውት ከሆነ ለምን አስገቡት? ለማን ተናገሩ? ማንስ ፎርክሊፍት ሰጠው? የድርጅቱ ደንብ ጠጥቶ የመጣን ሰው በር ላይ መልሱ የሚል ከሆነ፣ ድርጅቱ ራሱ ደንቡን እንዳልጠበቀ በእርስዎ ሪፖርት ተመዝግቧል። አንድ ሌላ ሠራተኛ ያን ሌሊት ተገጭቶ ቢሆን ኖሮ ይህች መስመር በካሳ ክስ ላይ በድርጅቱ ላይ የምትቀርብ የመጀመሪያዋ ማስረጃ በሆነች ነበር። ይህን የምለው እንዲደብቁት አይደለም። እውነት ከሆነ መጻፍ አለበት፤ ግን ሙሉውን፦ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን አየ፣ ከዚያ ምን አደረገ። ግማሹን ሲጽፉ አንባቢው የቀረውን በራሱ ግምት ይሞላዋል፤ የሚሞላውም በጽሑፉ ባለቤት ላይ አድርጎ ነው።

ስድቡ ላይ ብዙ አልቆይም። «ተሳድቧል» ሳይሆን ያለውን ቃል ይጻፉ፤ ቢያፍሩበትም፣ ቢያስጠላም፣ በጥቅስ ውስጥ እንዳለ። «ደደብ» ማለትና «እገልሃለሁ» ማለት በየትኛውም የዲሲፕሊን ደንብ አንድ አይደሉም፤ ሪፖርትዎ ግን ሁለቱንም በአንድ ቃል ይሸፍናቸዋል። ትክክለኛውን ቃል ካላስታወሱ «በዚህ መንፈስ ተናገረ፤ ቃሉን በትክክል አላስታውስም» ብለው ይጻፉ። ከስድቡ በፊት እርስዎ ያሉትንም ይጻፉ። የእርስዎ ቃል የሌለበት ጠብ ማንም አያምነውም።

«ልማዱ ስለሆነ» የሚለውን እናንሳ። ችሎቱ ማኅደሩን ያስቀርባል። በማኅደሩ ውስጥ ቀን ያላቸው ማስጠንቀቂያዎች ካሉ ሪፖርቱ እነሱን በቀናቸውና በደብዳቤ ቁጥራቸው መጥቀስ ነበረበት። ከሌሉ ደግሞ ሁለት ነገር ይከተላል፦ ወይ ልማዱ የሚለው የእርስዎ ስሜት ነው፤ ወይ ድርጅቱ ለወራት እያየ ዝም ብሎ ታግሷል፤ ዝም ያለበትን ነገር ዛሬ የስንብት ምክንያት ማድረጉም ጥያቄ ያስነሳል። አንዳንድ ሕጎች ጥፋቱ ከታወቀ በኋላ እርምጃ የሚወሰድበትን ጊዜ በቀን ይገድባሉ፤ ሳይቀጡበት ያለፈ ነገር በኋላ ቢቆፈር ጊዜው አልፎበት ይገኛል። ሁልጊዜ፣ በተደጋጋሚ፣ እንደለመደው የሚሉ ቃላት ብዕርዎ ጫፍ ላይ ሲመጡ ቆም ብለው ቀን ይፈልጉላቸው። ቀን ካላገኙ ይተዋቸው። የአንድ ሌሊት ሪፖርት የአንዱን ሌሊት ቢናገር በቂ ነው።

«አስፈላጊው እርምጃ ይወሰድ» የምትለዋ ደግሞ ሁሉም ሰው እንደ ሰላምታ የሚጽፋት ናት፤ ለዚህ ነው አደገኛነቷ የማይታየው። ያ ቁጥር 158 ስምምነት በአንቀጽ 7 ላይ ሠራተኛ ከባሕርዩ ወይም ከሥራ ብቃቱ ጋር በተያያዘ ምክንያት ከመሰናበቱ በፊት ራሱን የመከላከል ዕድል ሊሰጠው እንደሚገባ ይናገራል፤ አሠሪው ይህን ዕድል እንዲሰጥ መጠበቅ በማይቻልበት ሁኔታ ካልሆነ በቀር። ሪፖርትዎ የተጻፈው ሌሊት ነው፤ ሹፌሩ ገና አልተጠየቀም። ጠቋሚው፣ ምስክሩና ቅጣት ጠያቂው በአንድ ፊርማ ሥር ሲገኙ ውሳኔው ሳይሰማ ያለቀ ይመስላል። ያዩትን ጽፈው ያስረክቡ፤ ቀሪውን የሚመለከተው ሰው ይወስን። ድርጅቱ አስተያየትዎን ከፈለገ ለብቻው በሌላ ወረቀት ይጠይቅዎ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን በአራቱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሹፌሩ ድምፅ አለመኖሩ ነው። ጠጥተሃል ወይ ብለው አልጠየቁትም? ከጠየቁት ምን አለ? ብዙ የፈረቃ ኃላፊዎች መልሱን የማይጽፉት «መዋሸቱ አይቀርም» ብለው ነው። ግን በዚያ ሰዓት የሰጠው መልስ ለሁሉም ወገን ወርቅ ነው። ያን ሌሊት «ሁለት ብርጭቆ ብቻ ነው» ብሎ ዛሬ «ስኳር አለብኝ» ካለ ሪፖርቱ ይመልስለታል። ያን ሌሊት «አሞኛል» ብሎ ከነበረና እርስዎ ካልጻፉት ደግሞ አጠገባችሁ የነበረው ጫኝ ይመሰክርለታል፤ ያኔ እርስዎ ሹፌሩን የሚጠቅመውን ሆን ብለው ያስቀሩ ሰው ሆነው ይታያሉ።

እንዴት ሊጻፍ ይችል እንደነበር ላሳይዎት። ዝርዝሩን እኔ ነኝ የፈጠርኩት፤ ያዩትን አላውቅምና። ቅርጹን ይመልከቱ፦

«ከምሽቱ 4፡20 ላይ፣ በመጋዘኑ የግድግዳ ሰዓት፣ ጭነት መውጫ በር አጠገብ ቆሜ ነበር። ሹፌሩ ፎርክሊፍቱን ወደ ኋላ ሲመልስ የመደርደሪያውን እግር ገጨ። በመካከላችን አሥር ሜትር ያህል ነበር፤ መብራቱ በርቷል፤ የሚከልለኝ ነገር አልነበረም። ሞተሩን አጥፍቶ እንዲወርድ ነገርኩት። ሲወርድ እጀታውን ይዞ ለትንሽ ጊዜ ቆመ። ቀርቤው ስንነጋገር ከአፉ መጠጥ የሚመስል ሽታ ሸተተኝ፤ ዓይኑ ቀልቷል፤ ቃላት እየጎተተ ይናገር ነበር። ‹ጠጥተሃል?› አልኩት። ‹አልጠጣሁም፤ ከትናንት ጀምሮ አሞኝ መድኃኒት እየወሰድኩ ነው› አለኝ። የመድኃኒቱን ስም አልጠየቅኩትም። 4፡30 ላይ ቁልፉን ተቀበልኩት። ወደ ክሊኒክ እንውሰድህ ስለው ‹አልሄድም፤ አንተ እኔን ማስባረር ነው የምትፈልገው፤ ደደብ› አለኝ። ይህን ሲል አንድ ጫኝና አውራጅ አጠገባችን ነበር። የትንፋሽ ምርመራ አልተደረገም፤ በፈረቃው ላይ መሣሪያ አልነበረም። 4፡50 ላይ በድርጅቱ መኪና ወደ ቤቱ ተላከ። ካየሁትና ከሸተተኝ በመነሳት መጠጥ ጠጥቷል ብዬ ገምቻለሁ። ይህን የጻፍኩት በዚያው ሌሊት 6፡15 ላይ ነው።»

ከእርስዎ ሪፖርት ይረዝማል፤ ግን አንድ ገጽ አይሞላም። ውስጡ ለድርጅቱ የማይመቹ ነገሮች አሉ፦ አሞኛል ማለቱ፣ የመድኃኒቱ ስም አለመጠየቁ፣ ምርመራ አለመደረጉ። ልምድ የሌለው ሰው ከሪፖርቱ ቀድሞ የሚያስቀረው እነዚህን ነው። ሪፖርቱን የሚያስከብሩት ግን እነሱ ናቸው። የማይመቸውን ራሱ የጻፈ ሰው ስለሚመቸውም አልዋሸም ብሎ ዳኛው ያስባል። የሠራተኛው ጠበቃም «ምርመራ አልተደረገም አይደል?» ብሎ ሲነሳ «አዎ፣ ጽፌዋለሁ» የሚል መልስ ይጠብቀዋል፤ ጥያቄው እዚያው ይሞታል።

ርቀቱ፣ መብራቱና የሚከልል ነገር አለመኖሩ የተጻፉትም በምክንያት ነው። ማየት መቻልዎን የሚያሳዩት እነሱ ናቸው፤ ከወራት በኋላ ማንም በእርግጠኝነት አያስታውሳቸውም። ሰዓቱን ከየት እንዳነበቡ መጻፍም እንዲሁ ነው። የካሜራው ሰዓት፣ የጣት አሻራ ማሽኑና የእርስዎ ስልክ አምስትና አሥር ደቂቃ ሲለያዩ የተለመደ ነው። «4፡20» ብቻ ጽፈው ካሜራው 4፡31 ቢያሳይ ውሸታም ያስመስልዎታል፤ የግድግዳው ሰዓት ብለው ከሆነ ግን የሰዓቶች ልዩነት ብቻ ይሆናል።

የትንፋሽ መመርመሪያ ቢኖር ኖሮ «ፖዘቲቭ ሆኗል» ብሎ መጻፍ አይበቃም። የመሣሪያው መለያ ቁጥር፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተስተካከለበት ቀን፣ የመረመረው ሰው ሥልጠና እንዳለው፣ ያሳየው ቁጥር ከነመለኪያው፣ ሠራተኛው መስማማቱ ወይም እምቢ ማለቱ ሁሉ ይመዘገባል። አንዲት ነገር ብቻ ላክል፤ ብዙ ሰው ይሳሳታልና። አፍ ውስጥ የቀረ አልኮል፣ የአፍ መጉመጥመጫም ቢሆን፣ ንባቡን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ሰውየው ምንም ሳይበላና ሳይጠጣ ቢያንስ 15 ደቂቃ ሲጠበቅ ቆይቶ ይመረመራል፤ መጠበቁም በሰዓት ይጻፋል። ይህ ከሌለ ጥሩ ንባብም በቀላሉ ይወድቃል።

ስለ ካሜራው ካነሳሁ፦ አብዛኞቹ መቅረጫዎች ቦታ ሲሞላ በድሮው ላይ ይቀርጻሉ፤ አንዳንዶቹ በቀናት፣ አንዳንዶቹ በሳምንታት ውስጥ። ሪፖርት በተጻፈበት ሌሊት የትኛው ካሜራ፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንዲቀመጥ ጠይቄያለሁ የምትል አንድ መስመር ብዙ ታድናለች። ከድርጅቱ እጅ የጠፋ ምስል ሲኖር ብዙ ችሎቶች «ቢጠቅማችሁ ኖሮ ታስቀምጡት ነበር» ወደሚለው ያዘነብላሉ። ለማስቀመጥ ሲጠየቅም ጠቃሚ የመሰለው ቁራጭ ብቻ ተቆርጦ አይወሰድ፤ ሹፌሩ በበሩ ከገባበት እስከ ወጣበት ያለው ሁሉ ይያዝ።

እና አንድ ጥያቄ፤ ለራስዎ ይመልሱት። ያን ሌሊት ለሌላ የፈረቃ ኃላፊ ወይም ለአለቃዎ በቴሌግራም ምን ጻፉ? ሪፖርቱ በቢሮ ቋንቋ ተጽፎ መልእክቱ «በቃ ዛሬ ያዝኩት» የሚል ከሆነ፣ በብዙ ቦታ ችሎቱ ሁለቱንም ሊያስቀርባቸው ይችላል፤ ሁለተኛው ደግሞ የመጀመሪያው በምን ልብ እንደተጻፈ ያሳያል። አይሰርዙት፤ መሰረዙ ከተጻፈው ይብሳል። ለጠበቃው ግን አስቀድመው ያሳዩት፤ ችሎት ላይ ከመስማቱ ይሻለዋል። ወደ ፊት ደግሞ ስለ አንድ ሠራተኛ በስልክ የሚጽፉትን ሁሉ ከሪፖርቱ ጋር ተያይዞ እንደሚነበብ አድርገው ይጻፉ።

ወደ ጠበቃው ልመለስ። ከእርስዎ ጋር ቁጭ ብሎ ያዩትን በዝርዝር ሊጠይቅዎት፣ ግልጽ ያልሆነውን አብራራልኝ ሊልዎት ይችላል፤ ሥራው ነው። «ይህን አይቻለሁ በል» ሊልዎት ግን አይችልም፤ ካለም እምቢ ይበሉ። ችሎት ቀርበው ሪፖርትዎ ላይ ያልተጻፈ ነገር ሲጠየቁ ካስታወሱ ይመልሱ፤ ካላስታወሱ «አላስታውስም» ይበሉ። ጥበቃዎቹን በተመለከተ በዓይንዎ እንዳላዩና እንደተነገረዎት ሳይጠየቁ ቀድመው ቢናገሩት ይሻላል።

እስከዚያው ግን ከማብራሪያው በፊት የሚፈለጉ ወረቀቶች አሉ። የዚያ ሌሊት የፈረቃ መዝገብ ላይ ምን ጻፉ? የፎርክሊፍቱ ቁልፍ መረከቢያ ቅጽ ላይ የማን ፊርማ፣ በስንት ሰዓት አለ? ወደ ቤት ያደረሰው መኪና የጉዞ መዝገብ አለው? መደርደሪያ ተገጭቶ ከነበረ የጥገና ጥያቄ ተሞልቷል? የበሩ ተረኛ መዝገብ ላይ ስለ ሹፌሩ የተጻፈ ነገር አለ? እነዚህ ሁሉ ክሱ ከመኖሩ በፊት፣ ክስ ይመጣል ብሎ ባላሰበ ሰው እጅ የተጻፉ ናቸው፤ ዛሬ ከሚጽፉት ማብራሪያ ይልቅ የሚታመኑት ለዚህ ነው። ከመዝገብ ቤት ያውጧቸው፤ ዋናው እንዳይጠፋ ቅጂ ያድርጉ፤ ምንም ሳይጨምሩባቸው ለጠበቃው ይስጡ። ለሪፖርትዎ የማይመች ነገር ቢገኝባቸውም አብሮ ይሂድ።